የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፣ እግሩ አብጧል፦ የአንድ የፈተና ጥያቄ ጉዳይ ጥናት

ለጤና መኮንን ተማሪዎች በሥነ ምግብ ትምህርት ማጠቃለያ ፈተና ላይ ያወጣሁት ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦

«ዕድሜው 24 ወር የሆነ ወንድ ልጅ በአያቱ ታዝሎ መጣ። ታናሹ ከተወለደ አምስት ወር ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ የሚበላው ቆጮና ጎመን ነው። ፊቱ አብጦ ክብ ሆኗል። ሁለቱም እግሮቹ፣ ቅልጥሞቹና እጆቹ በአውራ ጣት ሲጫኑ ስርጉድ ይላሉ። የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ። ጸጉሩ ሳስቶ ቀላ ብሏል፤ ሲስቡት ያለ ሕመም ይነቀላል። ጭኑና መቀመጫው ላይ ቆዳው ጠቁሮ እየተላጠ ነው። መዳፉ ገርጥቷል። ክብደቱ 8.4 ኪሎ፣ የክንዱ ዙሪያ 11.8 ሴንቲ ሜትር ነው። የብብቱ ሙቀት 34.8 ዲግሪ፣ የደሙ ስኳር 48 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። ምግብ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ሀ) የያዘው ማራስመስ ነው ወይስ ክዋሽዮርኮር? ምክንያትህን ጻፍ። ለ) በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ምን ታደርጋለህ? ምንስ አታደርግም?»

ማራስመስ ልጁን አክስቶ አጥንቱን የሚያወጣው፣ ክዋሽዮርኮር ደግሞ የሚያሳብጠው ከባድ የምግብ እጥረት ነው። የጥያቄው ልጅ ከሐሳብ የተወለደ አልነበረም። ተማሪዎች ይዤ ለተግባር ልምምድ በሄድኩበት አንድ ሆስፒታል፣ ከባድ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሕፃናት በሚተኙበት ማረጋጊያ ክፍል ውስጥ ከገባበት ቀን እስከ ወጣበት ድረስ ያየሁት ልጅ ነው። ቁጥሮቹን የወሰድኩት ከካርዱ ላይ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ይመስለኝ ነበር። ወረቀቶቹን ሳርም ግን ተማሪዎቹ ሁለት ቦታ ላይ ተሰናክለው አገኘኋቸው፤ በአንደኛው ቦታ ደግሞ ጥፋቱ ከጥያቄውም ነበር።

«ከስቷል፤ ስለዚህ ማራስመስ ነው»

የመጀመሪያው መሰናክል የጎድን አጥንቱ ነው። ብዙ ተማሪዎች «የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆመው ማራስመስ ብለው ጻፉ። አንዳንዶቹም የክንዱን ዙሪያ አዩና «ከ11.5 በላይ ስለሆነ ከባድ የምግብ እጥረት የለበትም፤ መካከለኛ ነው» አሉ። ይህ ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ያስፈራኛል። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ባለሙያ ልጁን አልሚ ዱቄት ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይመልሰዋል፤ የደም ስኳሩ 48 የሆነ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ልጅ ደግሞ ያችን ሌሊት ቤቱ ላያነጋ ይችላል።

ተማሪዎቹ እዚህ ስህተት ላይ እንዴት እንደሚደርሱ አውቃለሁ። ሁላችንም ሁለቱን በሽታዎች የተማርነው ጎን ለጎን በተሰመረ ሠንጠረዥ ነው፦ በአንዱ ዓምድ ማራስመስ፣ በሌላው ክዋሽዮርኮር፤ ወደ ታች እብጠት፣ ፊት፣ ጸጉር፣ ቆዳ፣ ጉበት፣ ጠባይ፣ የምግብ ፍላጎት ተደርድረው። ሠንጠረዡ ረድፎቹን ሁሉ እኩል ያስመስላቸዋል። ተማሪው እንደ ድምፅ ይቆጥራል፤ ብዙ ምልክት ያገኘው ዓምድ ያሸንፋል። አልጋ አጠገብ ሲቆሙ ግን ከእነዚያ ረድፎች ሁሉ ዳኛው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሁለቱም እግሮች ላይ ያለ፣ ሲጫኑት ስርጉድ የሚል እብጠት። እሱ ካለ ክዋሽዮርኮር ወይም የሁለቱ ድብልቅ ነው እንጂ ብቻውን ማራስመስ ሊሆን አይችልም። ጸጉሩ ቢቀላም ባይቀላም፣ ቆዳው ቢላጥም ባይላጥም ይህ አይለወጥም። ሌሎቹ ረድፎች ያጠናክራሉ እንጂ አይፈርዱም።

የምግብ ፍላጎትን ለምሳሌ እንውሰድ። መጽሐፉ «ማራስመስ ያለበት ልጅ ይርበዋል፣ ክዋሽዮርኮር ያለበት እምቢ ይላል» ይላል። በአጠቃላይ እውነት ነው። ማራስመስ ያለበት ልጅ የሳንባ ምች ሲይዘው ግን እሱም እምቢ ይላል። ጸጉርም እንደዚሁ ነው፤ በማራስመስም ይሳሳል። እብጠትን ግን ማራስመስ ብቻውን አያመጣም። ሌሎች በሽታዎች እግር ማሳበጣቸው እውነት ነው፤ ለዚህም የልጁ ሽንት ታይቶ ፕሮቲን አልተገኘበትም፣ ይህም የኩላሊቱን ጥርጣሬ አስቀረልን። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥ ኖሮ ደግሞ ቁስል ወይም የደም ሥር ችግር እንፈልግ ነበር።

እብጠት መመርመርም የራሱ ወግ አለው። አውራ ጣት እግሩ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ ረጋ ተብሎ ለሦስት ሰከንድ ያህል ይጫናል፤ ከዚያ ይነሳል። ስርጉዱ ከቀረ እብጠት አለ። ሁለተኛውም እግር እንዲሁ ይታያል። እግሮቹ ላይ ብቻ ከሆነ አንድ መደመር፣ ቅልጥም ወይም እጅ ከደረሰ ሁለት መደመር፣ ፊትን ጨምሮ መላ ሰውነት ከሆነ ሦስት መደመር ተብሎ ይጻፋል። የኛ ልጅ ሦስት መደመር ነበር። ተማሪዎቼ ብዙ ጊዜ ነካ አድርገው ያነሳሉ፤ ስርጉዱም ሳይታይ ያመልጣቸዋል።

የክንዱ ዙሪያ 11.8 የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። የክንድ መለኪያው አጥንቱን፣ ሥጋውንና ስቡን ከውሃው ለይቶ አያውቅም። እጁ ድረስ ባበጠ ልጅ ላይ 11.8 ማለት ከሥጋው ጋር የተለካ ውሃ አለበት ማለት ነው። ለዚህም ነው መመሪያው እብጠትን ለብቻው መስፈርት ያደረገው፦ በሁለቱም እግሮች ላይ እብጠት ካለ፣ ክንዱ ምንም ያህል ቢለካ፣ ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ነው። ሦስት መደመር ከሆነ ደግሞ ሌላ ምንም ሳይታከልበት አስተኝቶ ማከምን ይጠይቃል።

አያትየውንም በዚያው ልክ አሳስቷቸዋል። ቀደም ብለው ለምን እንዳላመጡት ስጠይቃቸው «የኔ ልጅ፣ እኔማ ወፈረልኝ ብዬ እኮ ነው፤ ጉንጩን አይተህ?» አሉኝ። ቀጥለውም «ታናሹ ጡቱን ነጠቀው፤ ከዚያ ወዲያ ሳቁም ቀረ» አሉ። ይህን ቃል ስሰማ ሲስሊ ዊልያምስ ትዝ አለችኝ። በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ የሠራች ሐኪም ናት። ይህን በሽታ እ.ኤ.አ. በ1933 ገለጸችው፤ በ1935 ደግሞ የአካባቢው ሰዎች በጋ ቋንቋ የሚጠሩበትን ስም ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀች። ክዋሽዮርኮር ማለት ታናሽ ሲወለድ ከቦታው የተነሳው ልጅ የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። የእንሰት አገሯ አያት ስለ ጋ ቋንቋ ሰምተው አያውቁም፤ ያዩት ግን ያንኑ ነው።

ከጎኑ ያለችው ሕፃን

ልዩነቱን በዓይን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከልጁ ጎን ባለው አልጋ ላይ የዘጠኝ ወር ሴት ሕፃን ነበረች፤ 4.6 ኪሎ፣ ክንዷ 10.2 ሴንቲ ሜትር። እናቷ ጡቷ ደርቆባት ነበር፤ በጡጦ የምትሰጠው በውሃ የቀጠነ የላም ወተት ነበር። ይቺ ሕፃን ማራስመስ ነበረባት። ፊቷ የአሮጊት ፊት ይመስላል፤ የጉንጯ ስብ ሳይቀር አልቋል። መቀመጫዋ ላይ ቆዳዋ እንደ ሰፊ ሱሪ ተንጠልጥሏል። እግሯ ላይ ጣቴን ሳነሳ ምንም ስርጉድ አልቀረም። ዓይኗ ግን ሰው ይከተላል፤ ጡጫዋን ትጠባለች፤ ወተቱ ሲዘገይ ታለቅሳለች። ልጁ ደግሞ ካልነኩት ዝም ብሎ ተቀምጦ ወለሉን ያያል፤ ሲነኩት ያጉረመርማል፤ ሲተዉት ወደ ዝምታው ይመለሳል። ከእብጠቱ ቀጥሎ የማምነው ምልክት ይህ ግዴለሽነት ነው።

ሕፃኗ በረሃብ እንደሚኖር አካል ራሷን አስማምታለች፤ ስቧንና ጡንቻዋን እያቃጠለች ቆይታለች። ልጁ ላይ የሆነው ይህ መስማማት መፍረሱ ነው። ጉበቱ ስብ አጠራቅሞ ከጎድን አጥንቱ በታች ሦስት ጣት ያህል ወርዶ ይዳሰሳል፤ ሶዲየም በሰውነቱ ተከማችቷል፤ ፖታሲየም አልቋል፤ ቆዳው እንደተቃጠለ ሰው ቆዳ ይላጣል።

ተማሪዋ ያመጣችው ክርክር

ውጤት ከተለጠፈ በኋላ አንዲት ተማሪ ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። የእርማቴ መልስ «ክዋሽዮርኮር» ነበር፤ እሷ የጻፈችው የሁለቱን ድብልቅ፣ «ማራስሚክ ክዋሽዮርኮር»ን ነው፤ እኔም ዜሮ ሰጥቻታለሁ።

«መምህር፣ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል ብለው የጻፉት እርስዎ ነዎት። ያበጠ ልጅ የጎድን አጥንቱ ከተቆጠረ ከውሃው ሥር ከስቷል ማለት አይደለም እንዴ?»

«ክብደቱን አሰላሽው?» አልኳት።

«አስልቼዋለሁ፤ 69 በመቶ ነው። ግን ያ 8.4 ኪሎ እኮ ውሃም አለበት።»

እዚህ ላይ ነው የጥያቄዬ ጉድለት የታየኝ። እኔ የተጠቀምኩት እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣውን የዌልካም አከፋፈል ነው። የልጁን ክብደት በዕድሜው ከሚጠበቀው ክብደት ጋር ያነጻጽርና እብጠት መኖር አለመኖሩን ይጨምርበታል። ከ60 እስከ 80 በመቶ ሆኖ እብጠት ካለ ክዋሽዮርኮር ይባላል፤ ከ60 በመቶ በታች ሆኖ እብጠት ከሌለ ማራስመስ፣ ካለ ደግሞ ማራስሚክ ክዋሽዮርኮር። የ24 ወር ወንድ ልጅ መካከለኛ ክብደት በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ 12.2 ኪሎ ነው። 8.4ን ለ12.2 ስናካፍል 69 በመቶ እናገኛለን። በደንቡ መሠረት መልሱ ክዋሽዮርኮር ነው። የጎረቤቱ ሕፃን 4.6 ኪሎ ለዕድሜዋ ከሚጠበቀው 8.2 ኪሎ 56 በመቶ ነው፤ እብጠት የላትምና ማራስመስ።

ደንቡ ግን ውሃውን እንደ ሥጋ ይመዝነዋል። እኔ የልጁን ካርድ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ። በዘጠነኛው ቀን እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ 7.2 ኪሎ ሆነ፤ 59 በመቶ ማለት ነው። የክንዱ ዙሪያም 10.9 ሆነ። ተማሪዋ ያልተነገራትን ዘጠነኛ ቀን ከአንዲት የጎድን አጥንት ዐረፍተ ነገር አንብባዋለች። ነጥቧን መለስኩላት፤ በዚያው ምክንያት የጻፉ ሌሎች ተማሪዎችንም ወረቀት እንደገና አረምኩ። «ክዋሽዮርኮር» ያሉትም እንደ ደንቡ ትክክል ስለሆኑ ነጥባቸውን አልነካሁም። «ማራስመስ» ያሉት ግን በየትኛውም መንገድ ትክክል አልነበሩም፤ እብጠቱን ዘለውታልና።

«ፕሮቲን ስለጎደለው ፕሮቲን እሰጠዋለሁ»

ሁለተኛው መሰናክል በ«ለ» ላይ ነው። ብዙዎቹ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ሙሉ ወተት፣ ከፍተኛ ፕሮቲን ያለው ምግብ ብለው ጻፉ። ጥቂቶች እብጠቱን ለማውረድ ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት ፉሮሰማይድ አዘዙ። መዳፉ ገርጥቷል የሚለውን ያዩ ደግሞ የብረት እንክብል ጨመሩ። ሦስቱም ሐሳቦች ከአንድ አረዳድ ይወጣሉ፦ የጎደለውን ሙላ፣ የበዛውን አፍስስ።

ሐሳቡ የመጣው ለብዙ ዓመታት ከተማርነው ነገር ነው። ክዋሽዮርኮር የፕሮቲን እጥረት ነው፤ ፕሮቲን ሲያንስ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ይወርዳል፤ አልቡሚን ሲወርድ ውሃ ከደም ሥር ይወጣና እብጠት ይሆናል ተብለን ነበር። የልጁ አመጋገብም ይህን የሚደግፍ ይመስላል፤ ቆጮ ፕሮቲኑ በጣም አነስተኛ ነውና። ዳሩ ግን ያንኑ ቆጮ የሚበሉ የጎረቤት ልጆች አንዱ ይከሳል፣ ሌላው ያብጣል፣ ሦስተኛው ምንም አይሆንም። ማይክል ጎልደንና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ከጃማይካ ባወጧቸው ጥናቶች ደግሞ እብጠቱ የሚጠፋው አልቡሚኑ ከፍ ሳይል መሆኑን፣ የሚሰጠው ፕሮቲን መጠንም እብጠቱን እንደማይወስነው አሳዩ። ልጆቹ አነስተኛ ፕሮቲን ባለው ምግብም እብጠታቸው ወረደ።

ማረጋጊያ ክፍሉ ውስጥ የሚሰጠው ኤፍ-75 ወተት ራሱ የዚህ ምስክር ነው። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ፕሮቲኑ ግን 0.9 ግራም ብቻ ነው። ልጁ ኤፍ-75 ብቻ በጠጣባቸው ቀናት የወሰደው ፕሮቲን በቀን በኪሎ ከአንድ ግራም በታች ነበር፤ እብጠቱም በዚያው እየወረደ ሄደ። በነዚያ ቀናት ሥጋና እንቁላል ብናጎርሰው የታመመው ጉበቱ ሊሠራበት የማይችለውን ሸክም እንጭንበት ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የሚሰጠው ኤፍ-100 ወተት በ100 ሚሊ ሊትር ወደ 2.9 ግራም ፕሮቲን አለው፤ የሚመጣው ግን ልጁ ራሱ ሲጠይቅ፣ ኋላ ነው።

ፉሮሰማይድ የበለጠ አደገኛ ነው። የልጁ ውሃ ያለው ከደም ሥሩ ውጭ ነው፤ መድኃኒቱ የሚያፈሰው ግን ከደም ሥሩ ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ፖታሲየሙን ይዞ ይወጣል፤ ልጁ ደግሞ ፖታሲየሙ ቀድሞውኑ አልቋል፣ ልቡም ደካማ ነው። ብረትም ቢሆን ተሸካሚ ፕሮቲኖቹ ባነሱበት ደም ውስጥ ነጻ ሆኖ ሲቀር ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል፤ ስለዚህ ልጁ እስኪረጋጋ ይቆያል። ኋላ በሚሰጠው ከኦቾሎኒ በተሠራ የሕክምና ምግብ፣ በፕላምፒነት ከረጢት ውስጥ ብረቱ አብሮ ስላለ በዚያ ጊዜ ለብቻው መስጠትም አያስፈልግም።

የተደረገለት

ልጁ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የተሰጠው ስኳር ውሃ ነው፦ በ50 ሚሊ ሊትር ውሃ ሞላ ያለ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር። የደም ስኳር ከ54 ሲወርድ የላብራቶሪ ወረቀት እያገላበጡ መቆየት አይገባም፤ መለኪያው ባይኖር እንኳ ይሰጣል። ከዚያ እርጥብ ልብሱ ወለቀ፣ ኮፍያ ተደረገለት፣ አያቱ ደረታቸው ላይ አስጠግተው በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቀለሉ። ስኳር መውረድና ሰውነት መቀዝቀዝ አብረው ሲመጡ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ከኋላቸው አለ፤ ትኩሳት ስለሌለ የለም ማለት አይቻልም፣ ይህ አካል ትኩሳት ለማምጣት ጉልበት የለውም። ስለዚህ አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ተጀመሩ።

እስካሁን ያለው ሁሉ ለጎረቤቱ ሕፃንም ያው ነው። ወተቱም ያው ኤፍ-75 ነው። ተማሪዎች በፈተና ላይ «የማራስመስ ሕክምና» እና «የክዋሽዮርኮር ሕክምና» ብለው ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ሲጽፉ የማዝነው ለዚህ ነው። መንገዳቸው የሚለያየው በጥቂት ቦታ ነው፤ እነዚያን ማወቅ ግን ግድ ነው።

አንደኛው የወተቱ መጠን ነው። ለሕፃኗ በቀን በኪሎ 130 ሚሊ ሊትር ይታሰባል፤ ለ4.6 ኪሎ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በየሦስት ሰዓቱ 75 ሚሊ ሊትር። ልጁ ግን ሦስት መደመር እብጠት ስላለበት በኪሎ 100 ብቻ ነው፤ ለ8.4 ኪሎ 840፣ በየሦስት ሰዓቱ 105። በ130 ብናሰላለት ወደ 1,090 ይደርስ ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከ8.4 ኪሎው አንዱ ክፍል ወተት የማይፈልግ ውሃ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ከታዘዘለት ሦስት አራተኛውን እንኳ አልጨረሰም፤ ስለዚህ በአፍንጫው ቱቦ ገባለት። በየምግቡ ሰዓት ግን መጀመሪያ በኩባያ ይቀርብለታል፤ የተረፈው ብቻ በቱቦ ይገባል።

ሁለተኛው ፈሳሽ ነው፤ በሁለተኛው ሌሊት ነገሩ ሊበላሽ የነበረውም እዚህ ላይ ነው። ልጁ ሦስት ጊዜ ቀጭን ተቅማጥ አስቀመጠው። ተረኛው ተማሪ ዓይኑ ጎድጉዷል ብሎ የደም ሥር ፈሳሽ ሊያንጠለጥል ሲያዘጋጅ ነርሷ ደረሰች። እነዚህ ልጆች ላይ የድርቀት ምልክቶች ይዋሻሉ። ማራስመስ ያለባት ሕፃን ሆዷ ላይ ቆዳዋ ሲቆነጠጥ ቀስ ብሎ የሚመለሰው ስቡ ስላለቀ ነው፤ ዓይኗም የጎደጎደው ከኋላው ያለው ስብ ስለሌለ ነው። ያበጠው ልጅ ላይ ደግሞ ቆዳው ምንም አይነግርም። የሚሻለው ቤተሰቡን መጠየቅ ነው፦ ዓይኑ ዛሬ ነው የጎደጎደው ወይስ ከወር በፊት? አያትየው «ድሮም እንዲህ ነው» አሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቀጭን ተቅማጥ፣ ለእንዲህ ዓይነት ልጆች የተዘጋጀው የሚጠጣ ፈሳሽ ሪሶማል 30 ሚሊ ሊትር ብቻ በአፉ ተሰጠው። ነርሷ የጉበቱን ጠርዝ በእስክሪብቶ አሰመረችበት፤ ትንፋሹንና የልብ ምቱን ቆጥራ ጻፈች። ትንፋሹ በደቂቃ በ5፣ የልብ ምቱ በ25 ቢጨምር ወይም ጉበቱ ከመስመሩ ቢያልፍ ፈሳሹ ይቆማል ማለት ነው፤ አንዱም አልሆነም።

ቆዳው የራሱን ሥራ ጠየቀ። ጭኑ ላይ የተላጠው ቦታ ሳይሸፈን ክፍት ሆኖ እንዲደርቅ ተደረገ፣ በቀጭን የፖታሲየም ፐርማንጋኔት ውሃ ታጠበ፣ ዚንክ ያለበት ቅባት ተቀባ። ያ ቆዳ በር ነው፤ ባክቴሪያ የሚገባበት።

ሦስተኛው ልዩነት የክብደቱ አነባበብ ነው። ሕፃኗ ክብደቷ ሲጨምር ደስ ይለናል። ልጁ ላይ መጀመሪያ የምንጠብቀው መቀነስ ነው። በአራተኛው ቀን 8.1 ሆነ፤ ፊቱ ጎደለ፣ ሽንቱ በዛ። በስድስተኛው ቀን 7.6፤ እብጠቱ ወደ ቅልጥሙ ወረደ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ጨረሰ፣ ቱቦው ወጣ። ያን ጊዜ ነው የመሸጋገሪያው ወተት የተጀመረው፤ ኤፍ-100፣ ግን በኤፍ-75 መጠን። በዚህ ሽግግር ውስጥ እብጠቱ ቢመለስ ወይም ትንፋሹ ቢፈጥን ወደ ኤፍ-75 እንመልሰው ነበር።

አያትየው በስድስተኛው ቀን ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ተቆጡ። «8.4 ሆኖ አምጥቼው እናንተ ጋ ከሳ፤ ምን እያበላችሁት ነው?» ነርሷ እግሩን አንስታ አውራ ጣቷን ጫነችና አሳየቻቸው። «እማማ፣ የወጣው ውሃው ነው። ሥጋው ገና አሁን ነው የሚጀምረው።» ከዚያ ኩባያውን ሰጠቻቸው፤ ልጁ ከእጃቸው ነጥቆ ጠጣ።

በዘጠነኛው ቀን 7.2 ኪሎ ላይ ቆመ፤ እግሩ ላይ ስርጉድ አልቀረም። ከዚያ በኋላ ነው በየቀኑ መጨመር የጀመረው። በዚህ ደረጃ በቀን በኪሎ ከ10 ግራም በላይ ጥሩ ጭማሪ ነው፤ ለእሱ 72 ግራም ያህል ማለት ነው። የፕላምፒነት ፍላጎት ፈተናውን ሲያልፍ በቀን ሦስት ከረጢት ገደማ ታዝዞለት፣ በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ባለው የተመላላሽ ሕክምና በየሳምንቱ እንዲታይ ተላከ። ወረቀቱ ላይ የመውጫ ክብደቱ ከመግቢያው ያነሰ ነበር፤ ለምን እንደሆነም አብሮ ተጻፈበት፤ የጤና ጣቢያው ባለሙያ እንዳይደነግጥ።

ጥያቄውን አልጣልኩትም፤ አስተካከልኩት። አሁን «የጎድን አጥንቶቹ ይቆጠራሉ» የሚለው እንዳለ ሆኖ ሦስተኛ ክፍል ተጨምሮበታል፦ «ሐ) በዘጠነኛው ቀን እብጠቱ ጠፍቶ ክብደቱ 7.2 ኪሎ ሆነ። አያቱ ከሳብኝ ይላሉ። በ«ሀ» የሰጠኸውን መልስ ትለውጣለህ? ለአያቱስ ምን ብለህ ታስረዳቸዋለህ?»